ሦስት ፕሮፎርማ ማስረጃ አይደለም

በወረዳና በዞን መሥሪያ ቤቶች ኦዲተር መጥቶ በሄደ ቁጥር የማትቀር አንዲት መልስ አለች። «ሰነዱ ሙሉ ነው፤ ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቧል፣ ኮሚቴው ፈርሟል፣ ዕቃው በሞዴል 19 ገቢ ሆኗል፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?» ይህን የሚለው የግዥ ባለሙያው ብቻ ቢሆን ኖሮ ራሱን መከላከሉ ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን የጽሕፈት ቤት ኃላፊውም ይለዋል፣ የምክር ቤት አባሉም ይለዋል፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ የውስጥ ኦዲተሩ ራሱ ይለዋል። ኦዲት ማለት ፋይል ገልጦ የጎደለ ወረቀት መፈለግ ነው፣ ወረቀት ካልጎደለ ግዥው ንጹሕ ነው የሚለው እምነት ቢሮውን ሁሉ ወርሶታል።

እኔ ይህን እምነት እቃወማለሁ። ጣሪያ ለማምለጥ ሲባል የተከፋፈለ ግዥ ሰነድ አይጎድለውም። እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው ሲታይ ሕጋዊ መስሎ እንዲገኝ ተብሎ የተከፋፈለ ነውና፣ ፋይል እያነሳ አንድ በአንድ የሚመረምር ኦዲተር ዓመቱን ሙሉ ቢደክም አንድም አያገኝም። የሚገኘው ፋይሎቹ ጎን ለጎን ሲነጠፉ ነው።

ነገሩን በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በእንጅባራና በዳንግላ ላይ አድርጌ ላስረዳ። የማንንም መሥሪያ ቤት አልከስም፤ የምሰጠው ምሳሌም ለስሌት ያዘጋጀሁት እንጂ ከማንም መዝገብ የተቀዳ አይደለም። እነዚህን ከተሞች የመረጥኩበት ምክንያት ግን አለኝ፤ ቆይቼ እደርስበታለሁ።

መነሻው ሕጉ ነው። የፌዴራሉ የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649/2001 ግልጽ ጨረታን መደበኛ መንገድ አደረገ፤ ውስን ጨረታ፣ የዋጋ ማቅረቢያ፣ ከአንድ አቅራቢ መግዛት፣ እነዚህ ሁሉ ምክንያት ሲኖር ብቻ የሚፈቀዱ ሆኑ። የአማራ ክልልም በዚያው መንፈስ የራሱን አዋጅ ቁጥር 179/2003 አወጣ። ፌዴራሉ በ2016 ዓ.ም. የቀድሞውን በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ቢተካም መሠረቱ ያው ነው። በፕሮፎርማ ለመግዛት የሚፈቀደው የገንዘብ መጠን በመመሪያ ይወሰናል። በሰኔ 2002 በወጣው የፌዴራል መመሪያ ይህ ጣሪያ ለዕቃ ግዥ 100,000 ብር፣ ለግንባታ ሥራ 250,000 ብር ነበር። እንዲህ ያሉ ጣሪያዎች በየጊዜው ይሻሻላሉ፤ ለስሌት እንዲመቸኝ ግን የ100,000ውን ልያዝ። ዋናው ቁም ነገር ቁጥሩ አይደለም። ዋናው ነገር ጣሪያው የሚለካው በምኑ ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ሕጉ ከጨረታ ሥርዓት ለመሸሽ ሲባል ግዥን መከፋፈልን ይከለክላል፤ ይህ ክልከላ ትርጉም የሚኖረው ጣሪያው በመሥሪያ ቤቱ ፍላጎት ልክ ሲለካ ነው። በየደረሰኙ የሚለካ ከሆነ ግን የሚከለከል ነገር የለም፤ ደረሰኙን የሚያሳጥረው ራሱ ገዥው ነውና።

እንግዲህ አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት እናስብ። በሐምሌ ወር ባጸደቀው የዓመት የግዥ ዕቅድ ላይ ለጽሕፈት መሣሪያና ለቶነር 372,000 ብር ይዟል። ይህን ያህል ገንዘብ በፕሮፎርማ ሊገዛ አይችልም፤ ማስታወቂያ በበኩር ጋዜጣ ማውጣት፣ ሰነድ መሸጥ፣ የጨረታ ማስከበሪያ መቀበል፣ ሣጥን ማሸግ፣ በሕዝብ ፊት መክፈት አለበት። ስድስት ወር ሙሉ ምንም አይደረግም። ከዚያ ጥር 14 ቀን በ96,400 ብር፣ የካቲት 3 ቀን በ93,800፣ የካቲት 21 ቀን በ98,250፣ መጋቢት 12 ቀን በ83,550 ብር አራት ግዥዎች ይፈጸማሉ። እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ፕሮፎርማ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የግዥ ትዕዛዝ፣ ሞዴል 19 እና የቫት ደረሰኝ አላቸው። አንዱን ፋይል ለብቻው ለዳኛ ብታቀርቡት ዳኛው እንከን የለውም ብሎ ይመልስላችኋል። አራቱን ደምሩ፤ ልክ 372,000 ብር ይመጣል፤ በሐምሌ የታቀደው ገንዘብ ሳንቲም ሳይቀር።

ኦዲተሩ ይህን ለማየት ፋይል መክፈት እንኳ አያስፈልገውም። በወረዳ ደረጃ ሒሳቡ የሚመዘገበው በአይቤክስ ነው፤ የቢሮ ዕቃዎች የሚወጡበት የሒሳብ መደብ 6212 ነው። በዚያ መደብ የዓመቱን ክፍያ በሙሉ አውጥቶ በአቅራቢ ስም፣ ከዚያም በቀን መደርደር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ሲደረደር የሚፈለገው ምልክት ከጣሪያው ሥር የተከማቹ ቁጥሮች ናቸው። የጤነኛ መሥሪያ ቤት ክፍያ የተበታተነ ነው፤ አንዱ 12,000፣ ሌላው 47,000፣ ሌላው 130,000 ሆኖ በጨረታ የተገዛ። ከ90,000 እስከ 100,000 ባለው ጠባብ ክፍተት ውስጥ ሦስት አራት ክፍያ ተሰልፎ ከላይ ምንም ከሌለ ግን ፍላጎት በተፈጥሮው እንደዚህ አይመጣም። ይህ የእኛ አገር ብቻ ነገር አይደለም። በቼክ ሪፐብሊክ ከተወሰነ የገንዘብ መጠን በታች ያሉ ግዥዎች ለገዥው ውሳኔ ሲለቀቁ የሆነውን ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች አጥንተው በ2017 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል፤ ውሎቹ ከአዲሱ ጣሪያ ሥር ተከማችተው ተገኙ፤ እዚያ ከተከማቹት ውሎች ደግሞ ባለቤታቸው የማይታወቅ ድርጅቶች የወሰዱት ድርሻ ከፍ ብሎ ታየ።

መከማቸቱ ብቻውን ግን ግኝት ተብሎ አይጻፍም። ሕጉ የሚለው «ለመሸሽ ሲባል» ነውና ኦዲተሩ ፍላጎቱ ቀድሞ ይታወቅ እንደነበር ማሳየት አለበት። ለዚህ የሚያገለግለው የዓመቱ የግዥ ዕቅድ ነው። ዕቅዱ 372,000 ብር ካለ በጥር ወር «አስቸኳይ ፍላጎት ድንገት መጣ» የሚል ደብዳቤ አይሠራም። በአንጻሩ ዕቅዱ 90,000 ብር ብቻ ይዞ ከዚያ በኋላ አዲስ ክፍል ተከፍቶ፣ በበጀት ዝውውር ተጨማሪ ገንዘብ መጥቶ ከሆነ ሁለተኛው ግዥ ራሱን የቻለ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳይለይ ከጣሪያ በታች ያየውን ሁሉ «ተከፋፍሏል» ብሎ የሚጽፍ ኦዲተር ለራሱ ግኝት ጠላት ነው፤ የመውጫ ስብሰባው ላይ በአንድ ቃለ ጉባኤ ይዘጉበታል።

አሁን ወደ ፕሮፎርማዎቹ እንግባ። ፋይሉ የሚከፈተው እዚህ ላይ ነው፤ ግን የሚፈለገው የጎደለ ወረቀት አይደለም። ሦስቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ዋጋዎቹን በመስመር በመስመር ማነጻጸር ነው። አሸናፊው አንድ ካርቶን ወረቀት 3,200 ብር፣ ቶነር 5,400 ብር፣ ስቴፕለር 450 ብር ብሏል እንበል። ሁለተኛው 3,360፣ 5,670 እና 472 ብር ከ50 ሳንቲም አለ። ሦስተኛው 3,520፣ 5,940 እና 495 አለ። ካልኩሌተር ያነሳ ሰው ወዲያው ያየዋል፤ ሁለተኛው በሁሉም መስመር ልክ 5 በመቶ፣ ሦስተኛው በሁሉም መስመር ልክ 10 በመቶ ይበልጣል። ሦስት ነጋዴዎች የተለያየ ቦታ ገዝተው፣ የተለያየ ኪራይ ከፍለው፣ የተለያየ ትርፍ ይዘው በአጋጣሚ እንዲህ አይገጥሙም። ስቴፕለር በ472 ብር ከ50 ሳንቲም የሚሸጥ ሱቅስ የት አለ? ያ ሳንቲም የመጣው ሦስቱንም ወረቀት የሞላ አንድ ሰው የመጀመሪያውን ዋጋ በ1.05 ሲያባዛ ነው። አሠራሩን ገበያው ያውቀዋል፤ ፕሮፎርማ ሰብሳቢው አንድ ሱቅ ይገባል፣ ባለሱቁ የሌሎቹን ሁለቱን ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ከመሳቢያው ያወጣል። በሌላ ቀን ተራው ይዞራል።

ከዋጋው ሌላ የሚታይ አለ። በሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት የፊደል ግድፈት፣ በሁለቱ ላይ አንድ ዓይነት ስልክ ቁጥር፣ ሦስቱም በአንድ ቀን የተጻፉ፣ በአራቱም ግዥ ላይ ሁልጊዜ የሚሸነፉት እነዚያው ሁለቱ መሆናቸው። ማሸነፍ አይደለም ማስረጃው፤ ሁልጊዜ መሸነፍ ነው። በሥራው የሚተዳደር ነጋዴ አራት ጊዜ ተጠይቆ አራት ጊዜ በ5 በመቶ ተሸንፎ አምስተኛ ጊዜ አይመጣም።

ሌላው መጋዘኑ ነው። ግዥዎቹ አራት ከሆኑ ዕቃውም አራት ጊዜ መግባት አለበት። ኦዲተሩ የሞዴል 19 ጥራዙን ከግዥ ክፍል ሳይሆን ከንብረት ክፍል ወስዶ ተከታታይ ቁጥሮቹን ይመልከት። የጥር፣ የየካቲትና የመጋቢት ቀን የተጻፈባቸው አራት ደረሰኞች በጥራዙ ውስጥ ተከታትለው፣ በመካከላቸው አንድም ሌላ ገቢ ሳይኖር ከተገኙ ዕቃው የገባው በአንድ ቀን ነው። የባሰው ደግሞ ሞዴል 22 ነው፤ በመጋቢት ተገዛ የተባለው ቶነር በየካቲት ለሠራተኛ ወጪ ተደርጎ ከተገኘ ፕሮፎርማው የተሰበሰበው ዕቃው ካለቀ በኋላ ነው ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ የሚከራከረኝ ጥቂት ነው። ክርክሩ የሚጀምረው «ታዲያ ምን አማራጭ ነበረን?» ሲባል ነው። ሦስት መልሶች ይሰጣሉ፤ ሦስቱንም በቁም ነገር መስማት ይገባል።

የመጀመሪያው፣ ገንዘብ በአንድ ጊዜ አይለቀቅም የሚለው ነው። እውነት ነው፤ የወረዳ ጥሬ ገንዘብ በየወሩ እየተቆነጠረ ነው የሚመጣው። 372,000 ብር በአንድ ቀን የሚከፍል ጽሕፈት ቤት የለም። ግን ጨረታና ክፍያ ምን አገናኛቸው? ሕጉ የማዕቀፍ ስምምነትን ያውቃል፤ ለዓመቱ አንድ ጊዜ ይጫረታል፣ የነጠላ ዋጋው ይታሰራል፣ ዕቃው ገንዘቡ በመጣ መጠን በትዕዛዝ ይወሰዳል። ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በየጊዜው የሚያስፈልጓቸውን የጋራ ዕቃዎች በዚህ መንገድ የሚገዛላቸው ራሱን የቻለ የመንግሥት ግዥ አገልግሎት አላቸው። ወረዳው ደግሞ ቀድሞውኑ የግዥና የሒሳብ ሥራውን በፑል አሰባስቧል፤ የሁሉንም ጽሕፈት ቤት ፍላጎት የሚገዛው ያው አንድ ክፍል ነው። በፑል እየገዛ የእያንዳንዱን ጽሕፈት ቤት ወረቀት ለየብቻ በፕሮፎርማ የሚገዛ ወረዳ የገንዘብ እጥረቱን ምክንያት ሊያደርግ አይችልም።

ሁለተኛው መልስ በእንጅባራና በዳንግላ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ አቅራቢ የለም የሚለው። ከተማው ትንሽ ነው፣ ቫት የተመዘገበ የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ በጣት ይቆጠራል፣ ጨረታ ብናወጣም የሚመጡት እነዚያው ናቸው ይባላል። እነዚህን ከተሞች የመረጥኩትም ለዚህ ነው። ዳንግላ ከባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እንጅባራ 120 ገደማ። ሁለቱም በዋናው የአዲስ አበባ መንገድ ላይ ናቸው። የ372,000 ብር ጨረታ በበኩር ቢወጣ ሰነድ ገዝቶ፣ ሲፒኦ አሠርቶ፣ በመኪና ጭኖ የሚመጣ የባሕር ዳር ነጋዴ አይጠፋም። ለ96,400 ብር ግን ማንም አይመጣም፤ ማስታወቂያም የለም፣ ማወቂያም የለውም። ስለዚህ አቅራቢ የጠፋው ግዥው ስለተከፋፈለ ነው። በሽታው ራሱን እንደ ምክንያት አድርጎ ያቀርባል፤ ሰሚውም ያምነዋል።

በእንጅባራ ደግሞ ሌላም ነገር አለ። በአንድ ከተማ ውስጥ የብሔረሰብ አስተዳደሩ መምሪያዎች አሉ፣ የከተማው አስተዳደር አለ፣ የባንጃ ወረዳ ጽሕፈት ቤቶች አሉ፣ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲም አለ። ዩኒቨርሲቲው የፌዴራል ነው፤ በፌዴራሉ አዋጅ ይገዛል፣ በፌዴራል ዋና ኦዲተር ይመረመራል። ሌሎቹ በክልሉ አዋጅ ይገዛሉ፣ የሚመረምራቸውም የክልሉ ዋና ኦዲተር ነው። ዳንግላም እንዲሁ የከተማና የወረዳ አስተዳደር ጎን ለጎን ተቀምጠውባታል። ሕጉ ሁለት፣ ኦዲተሩ ሁለት፣ ገዥው ብዙ፤ የሱቁ ረድፍ ግን አንድ ነው። ሦስት ባለሱቆች ተስማምተው ተራ ቢገቡ በአንዱ መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ የሚታየው የአንድ ዓመት አሸናፊ ብቻ ነው። ተራው የሚታየው የከተማውና የወረዳው የክፍያ ዝርዝር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ነው። «የእኔ ፋይል ሙሉ ነው» የሚለው መልስ ከሁሉ በላይ ባዶ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው መልስ ከባዱ ነው፤ ጣሪያው ራሱ ጊዜው አልፎበታል የሚለው። ይህን አልክድም። በ2002 ዓ.ም. አንድ ዶላር 13 ብር ገደማ ሲሆን 100,000 ብር ከ7,000 ዶላር በላይ ነበር፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ዶላሩ ከ100 ብር ሲያልፍ ያው ገንዘብ 1,000 ዶላር አልሞላም። ጥቂት ካርቶን ወረቀትና ጥቂት ቶነር በጨረታ ግዛ ማለት ሥራ ማሰር ነው የሚል ሰው ትክክል ነው፤ ጣሪያውም ከዋጋው ጋር አብሮ መነሳት አለበት። ግን ከዚህ ተነስቶ መከፋፈልን ይቅር ማለት አይቻልም። ዝቅ ያለ ጣሪያ የሚሻሻለው በመመሪያ ነው፤ ገዥው በጓሮ በኩል ለራሱ ሊያሻሽለው አይችልም። ከዚያ በላይ ደግሞ ችግሩ የጣሪያው ማነስ ብቻ መሆኑን የምናረጋግጥበት ቀላል መንገድ አለ። ጣሪያው ከፍ ባለበት ዓመት ክፍያዎቹን እንደገና ደርድሩ። ችግሩ ዋጋ ከነበረ ክምችቱ ይበተናል፤ ሰው የሚያስፈልገውን በሚያስፈልገው ጊዜ ይገዛል። ክምችቱ ተነስቶ ከአዲሱ ጣሪያ ሥር ከተቀመጠ ግን ሲሸሽ የነበረው ከጨረታው ነው እንጂ ከዋጋው አይደለም።

መከፋፈል ሁሉ ወንጀል ነው እያልኩ እንዳልሆነም ይታወቅልኝ። የኮብል ስቶን መንገድ ሥራ ለተደራጁ ወጣቶች ተከፋፍሎ ሲሰጥ ኖሯል፤ በጥቃቅንና አነስተኛ ለተደራጁት የተለየ ድጋፍ መስጠት የመንግሥት ፖሊሲ ነው፣ የግዥ መመሪያውም ያውቀዋል። አንድን ሰፊ ሥራ በሎት ከፍሎ ማጫረትም የተለመደና ትክክለኛ ነገር ነው። ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው ቢባል፣ በሎት ሲከፈል ጠቅላላው ሥራ በአንድ ማስታወቂያ ይወጣል፣ የግዥው ዘዴ የሚመረጠው በጠቅላላው ድምር ነው፣ ማን የትኛውን ሎት እንደወሰደ በአንድ ቃለ ጉባኤ ይታያል። ጣሪያ ለማምለጥ ሲከፋፈል ግን ድምሩ የትም አይጻፍም። ኦዲተሩ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ «ለምን ከፈላችሁ?» አይደለም፤ «ድምሩን ከመክፈላችሁ በፊት የት ጻፋችሁት?» ነው።

በጨረታ ከተገዛስ? የሙሉ ሰነድ እምነት እዚያም ይከተለናል። ማስታወቂያው ወጥቷል፣ ሣጥኑ በሕዝብ ፊት ተከፍቷል፣ የግምገማ ሠንጠረዡ ተፈርሟል፤ ኦዲተሩ ራይት እያደረገ ያልፋል። ግምገማን መመርመር ግን ሠንጠረዡን ማንበብ አይደለም፤ ከተጫራቾቹ ዋናው ሰነድ ተነስቶ እንደገና መሥራት ነው።

አንድ የመማሪያ ክፍል ግንባታ እናስብ። በመክፈቻው ቀን ዋጋ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ በቃለ ጉባኤ ይያዛል። በግምገማው ሠንጠረዥ ላይ የሚታየው ዋጋ ከተነበበው ሊለይ የሚችለው በሒሳብ ስህተት እርማት ብቻ ነው፤ ነጠላ ዋጋና ጠቅላላ ዋጋ ሲጋጩ የሚገዛው ነጠላው ነው። ተጫራቹ የድንጋይ ግንብ 120 ሜትር ኩብ በ2,850 ብር ብሎ ድምሩን 324,000 ቢጽፍ ትክክለኛው 342,000 ነው፤ 18,000 ብር ይጨመርበታል። አንደኛና ሁለተኛ የወጡት በ11,000 ብር ብቻ የሚበላለጡ ከሆነ ይህች አንዲት እርማት አሸናፊውን ትገለብጣለች። ስለዚህ ኦዲተሩ የታረመውን ብቻ አይይ፤ ያልታረሙትን የሌሎቹን ተጫራቾች የሥራ ዝርዝር ገጽ በገጽ ያባዛ። እርማት የተሠራው በአንዱ ተጫራች ላይ ብቻ ሆኖ የሌላው ስህተት እንዳለ ከታለፈ ግምገማው ሠንጠረዡ ቢያምርም የወደቀ ነው።

ሁለተኛው ነገር የውድቅ ማድረጊያ ምክንያት ነው። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው «አንድ ገጽ ላይ ማኅተም ስላላደረገ» ተብሎ ሲወጣ ብዙ ጊዜ አይተናል። ኦዲተሩ ምክንያቱ በጨረታ ሰነዱ ላይ ተጽፎ እንደነበረ ያያል፤ አዎ ተጽፏል። እዚያ ላይ ያቆማል። ማቆም የለበትም። ያንኑ ምክንያት ወስዶ በአሸናፊው ሰነድ ላይ ይፈትነው። አሸናፊውም አንድ ገጽ ሳያትም አልፎ፣ ወይም የጨረታ ማስከበሪያው ከሚፈለገው ቀን አጥሮ «ጥቃቅን ነው» ተብሎ ከታለፈ ሕጉ ለአንዱ ሰይፍ ለሌላው ትራስ ሆኗል ማለት ነው። ይህን የሚያሳይ ሠንጠረዥ በኮሚቴው ፋይል ውስጥ በጭራሽ አይገኝም። ኦዲተሩ ራሱ መሥራት አለበት፤ በአንድ በኩል የውድቅ ምክንያቶቹን፣ በሌላ በኩል የተጫራቾቹን ሁሉ ስም አሸናፊውን ጨምሮ አስቀምጦ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉ አሉ፤ ገንዘቡ ከወጣ፣ ዕቃው ካለቀ በኋላ ይህ ሁሉ ምን ይጠቅማል ነው ነገሩ። በድኅረ ኦዲት ላይ ይህ ወቀሳ ልክ ነው። መከፋፈል ግን ከሌላው ጥፋት የሚለየው አስቀድሞ የሚታይ በመሆኑ ነው። አራተኛው ቁራጭ የሚገዛው ሦስተኛው ከተገዛ በኋላ ነው፤ ሁለተኛው ፕሮፎርማ ሲመጣ የዓመቱን ዕቅድና የ6212ን ክፍያ ያየ የውስጥ ኦዲተር ሦስተኛውን ማስቆም ይችላል። ለምን አያስቆምም? የሚጽፈው ሪፖርት የሚቀርበው ግዥውን ላጸደቀው ኃላፊ ስለሆነ ነው። ደፋሩ ይጽፋል፤ ሌላው «ሰነዱ ሙሉ ነው» ይላል፤ ይህች መልስ ማንንም ስለማታስቆጣ ነው እንዲህ የተወደደችው።

ለመከፋፈል ጊዜውም ይረዳል። የበጀት ዓመቱ የሚከፈተው ሐምሌ 1 ቀን ነው፤ በአዊ ደጋ ዝናቡ መሬቱን የያዘበት ወቅት። ግንባታ እስከ ጥቅምት አይነካም፤ ሌላውም ግዥ ከግንባታው ጋር አብሮ ይተኛል። ግንቦት ሲገባ ዝናቡ ይመለሳል፤ ሰኔ 30 ደግሞ ያልተሠራበት በጀት ይመለሳል። በዚያ ጥድፊያ «ለጨረታ ጊዜ የለም» ይባላል። በሐምሌ የታቀደ ነገር በሰኔ አስቸኳይ ሊሆን የሚችለው በመካከል ያሉት ወሮች በዝምታ ስላለፉ ብቻ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ የክልሉ የጸጥታ ሁኔታ ለአስቸኳይ ግዥ እውነተኛ ምክንያት የሆነበት ጊዜ እንዳለ አውቃለሁ፤ መንገድ ሲዘጋ ማስታወቂያም ተጫራችም አይደርስም። መንገዱ የተዘጋበት ሳምንትና ግዥው የተፈጸመበት ሳምንት አንድ መሆናቸውን ግን ማየት ይቻላል፤ ማየትም ይገባል።

ስለዚህ የአዊ ብሔረሰብ ምክር ቤት በሚቀጥለው ጉባኤው ስለ ግዥ ሲነሳ «የኦዲት ግኝት ስንት ታረመ?» ከሚለው በፊት አንድ ነገር እንዲጠይቅ አቀርባለሁ። የገንዘብ መምሪያው የእያንዳንዱን ወረዳና የከተማ አስተዳደር የዓመት ክፍያ በሒሳብ መደብ፣ በአቅራቢና በቀን ደርድሮ፣ ከጸደቀው የግዥ ዕቅድ ጎን አስቀምጦ ያቅርብ። መረጃው በአይቤክስ ውስጥ አለ፤ አዲስ ሕግም፣ አዲስ በጀትም፣ ከባሕር ዳር የሚመጣ ኦዲተርም አይጠይቅም። የእንጅባራና የዳንግላ የከተማና የወረዳ ዝርዝሮች በአንድ ላይ ይታዩ፤ ዩኒቨርሲቲውም የራሱን በፈቃዱ ቢጨምር መልካም ነው። ዝርዝሩ ከሰኔ 30 በፊት፣ ገንዘቡ ገና ሳያልቅ ይቅረብ።